ሁለት ትራንስፎርመር፣ ሁለት ታርጋ፦ በአንድ ባስባር አብረው ይሠራሉ?

ናቲ_ደብረብርሃን

ሰላም ለሁላችሁ። በትራንስፎርመር ሥራ አዲስ ነኝ። ደብረ ብርሃን አንድ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ቴክኒሻን ሆኜ ገብቻለሁ። ያለን ባለ 315 ኬቪኤ ትራንስፎርመር ሞልቷል። ክላምፕ ሜትር ሳስርበት በእያንዳንዱ ፌዝ 430 አምፔር ያህል ይስባል። በቅርቡ ደግሞ 500 ኬቪኤ ገደማ የሚወስዱ አዳዲስ ማሽኖች ይገባሉ። ባለቤቱ ያገለገለ 630 ገዝቶ አስመጥቷል። «ከድሮው ጎን ተክላችሁ በአንድ ባስባር አገናኟቸው» ተብለናል።

ሁለቱንም ታርጋ እንዳለ ገልብጬዋለሁ፦

```
T1                          T2
315 kVA  3 ph  50 Hz        630 kVA  3 ph  50 Hz
15000 / 400 V               15000 / 400 V
12.1 / 455 A                24.2 / 909 A
Dyn11                       Dyn5
Z = 4.0 %                   Z = 6.0 %
ONAN                        ONAN
60 / 65 K                   60 / 65 K
Altitude 3000 m             Altitude 1000 m

Tap:  1  15750 V
      2  15375 V
      3  15000 V
      4  14625 V
      5  14250 V
```

ታፑ የሁለቱም አንድ ዓይነት ነው። 315 እና 630 ሲደመር 945 ይሆናል። የእኛ ሎድ ያለው 300 ከአዲሱ 500 ጋር 800 ስለሆነ የሚበቃ ይመስለኛል። የቀሩት ጽሑፎች ግን ምን እንደሚሉኝ አላወቅኩም።

ሌላ ጥያቄም አለኝ። ቀን ሎድ ሲበዛ የድሮው ቮልቴጅ ወደ 380 ይወርዳል። ታፑ 3 ላይ ነው። 15750 ትልቁ ቁጥር ስለሆነ ወደ 1 ባዞረው ከፍ ይላል?

---

ቮልት_መላሽ

ወንድሜ አትጨናነቅ። ሁለቱም 15 ሺህ በ 400 ናቸው፣ ሁለቱም ዴልታ ስታር ናቸው። ኬቪኤ ይደመራል፣ 945 ለ 800 ይተርፋል። ያ 11 እና 5 የሚለው ፌዙ ተዟዙሮ መሆኑን ነው የሚነግርህ። በ 400 ወገን ሁለት ኬብል ብታቀያይር ይገጥማል። ብዙ ቦታ እንደዚህ ሲሠራ አይቻለሁ።

---

የሰፈር_መብራት

ስለ ታፕ ከተነሳ አይቀር ልጠይቅ። እኛ ሰፈር ማታ ማታ መብራቱ ይደበዝዛል፣ ምጣድም አይግልም። ምሰሶው ላይ ያለውን ትራንስፎርመር ታፕ የሚያዞርልን ሰው ይገኛል? ሰፈሩ ገንዘብ ለማዋጣት ዝግጁ ነው።

---

ባስባር

የሰፈር_መብራት፣ በመጀመሪያ ለአንተ። ያ ትራንስፎርመር የመብራት ኃይል ንብረት ነው። ማንም ከፍላችሁት ቢመጣ እንዳይነካው። አቤቱታችሁን በጽሑፍ አስገቡ። ማታ ብቻ የሚደበዝዝ ከሆነም ጣጣው ታፕ ላይሆን ይችላል። መስመሩ ረዝሞ ወይም ኬብሉ ቀጥኖ ሊሆን ይችላል። ሲያስለኩ ትራንስፎርመሩ ሥር ስንት ቮልት፣ እናንተ ቤት ስንት ቮልት እንደሆነ በተመሳሳይ ሰዓት ይለካላችሁ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ጥፋቱ መንገድ ላይ ነው።

ናቲ፣ ያንተ ነገር ግን ሰው የሚገድል ነገር ነው። ማንም ምንም ብሬከር እንዳይዘጋ አሁኑኑ ንገራቸው።

ከዲዋይ ጎን ካለው ቁጥር ልጀምር። ትልቁ ዲ የ 15 ሺሁ ወገን ዴልታ ነው ማለት ነው። ትንሿ ዋይ የ 400ው ወገን ስታር ነው፣ ኤኗ ደግሞ ኒውትራሉ ወጥቷል ትላለች። ቁጥሩ የ 400ው ወገን ቮልቴጅ ከ 15 ሺሁ ወገን በስንት ሰዓት እንደሚርቅ ይናገራል። አንዱ ሰዓት 30 ዲግሪ ነው። 11 እና 5 በስድስት ሰዓት ይራራቃሉ። 180 ዲግሪ ማለት ነው። የአንዱ ፌዝ ወደ ላይ ሲወጣ የሌላው ያው ፌዝ ወደ ታች ይወርዳል።

ሁለቱን በአንድ ባስባር ብታገናኛቸው በአንዱና በሌላው ያው ፌዝ መካከል ሁለት ጊዜ 230፣ ማለትም 460 ቮልት ይቆማል። ይህን የሚገታው የሁለቱ ጥቅል ኢምፔዳንስ ብቻ ነው። በ 400 ወገን ሲሰላ የድሮው ወደ 0.020 ኦም፣ የአዲሱ ወደ 0.015 ኦም ነው። ሲደመር 0.0356 ይሆናል። 460ን ለዚህ ብታካፍለው 13 ሺህ አምፔር ገደማ ይወጣል። የድሮው ትራንስፎርመር ተርሚናሉ ላይ ሾርት ቢደረግ እንኳን ከ 11 ሺህ 400 በላይ አይሰጥም። ስለዚህ ለድሮው ይህ ከሾርት የባሰ ነው።

ቮልት_መላሽ፣ በ 400 ወገን ብቻ ሁለት ኬብል ብታቀያይር የፌዙ ቅደም ተከተል ይገለበጣል። አንዱ ትራንስፎርመር ወደ ቀኝ ሲዞር ሌላው ወደ ግራ ይዞራል። ለብቻው ብታሠራው ሞተሩ ሁሉ በተቃራኒ ይዞራል። አገናኝተህ ብትዘጋው ያው ፍንዳታ ነው።

---

ቮልት_መላሽ

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ 5 እና 11 አብረው ሲሠሩ በዓይኔ አይቻለሁ። እንዲያውም ዓመታት ሠርተዋል። አይቻልም ማለት ያስቸግራል።

---

ባስባር

አይቻልም አላልኩም። ይቻላል። ግን ሁለቱም ወገን ላይ ነው የሚቀያየረው። በ 15 ሺሁ ወገን ሁለት ፌዝ ይቀያየራል፣ በ 400ው ወገንም በተወሰነ ቅደም ተከተል ኬብሎቹ ቦታ ይለዋወጣሉ። ያኔ 5 የነበረው እንደ 11 ይሠራል። ያየኸው ቦታ እንደዚያ ተሠርቶ ይሆናል። አንተ ግን ናቲን የነገርከው በ 400 ብቻ ነው። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው።

እንደዚያ ቢሠራ እንኳን ብሬከሩ ከመዘጋቱ በፊት መለካት ግዴታ ነው። የሁለቱም ኒውትራል ይገናኛል። ሁለቱም ከ 15 ሺህ ይነሳሉ፣ የአዲሱ ብሬከር ክፍት ይቆያል። በክፍቱ ብሬከር ግራና ቀኝ ቀዩን ከቀዩ፣ ቢጫውን ከቢጫው፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊው ይለካል። ሦስቱም ወደ ዜሮ የቀረበ ንባብ ካልሰጡ አይዘጋም። አሁን ባላችሁበት ሁኔታ ብትለኩ ቀዩ ከቀዩ 460 ይሰጣል፣ ቀዩ ከሌላው ቢጫ ደግሞ 230። ይህን ለ 600 ቮልት በማይሆን ርካሽ ሜትር እንዳትሞክሩት።

---

ሪሌይ_ዘጠኝ

እኔ ፕሮቴክሽን ላይ ነው የምሠራው። ጋሼ የፌዙን ነገር ጨርሰውታል። ናቲ፣ ፌዙ ቢስተካከል እንኳን 945 አታገኝም። የሚይዝህ ያ 4 እና 6 በመቶ የሚለው መስመር ነው።

ፋብሪካ ሲፈተሽ የ 400ው ወገን ሾርት ይደረጋል፣ የ 15 ሺሁ ወገን ቮልቴጅ ከዜሮ ቀስ እያለ ከፍ ይደረጋል። በድሮህ ላይ 600 ቮልት ሲደርስ ሙሉ 455 አምፔሩ ይፈስሳል። 600 ከ 15 ሺህ 4 በመቶ ነው። በአዲሱ ላይ 909 አምፔር የሚፈስሰው 900 ቮልት ሲደርስ ነው፣ 6 በመቶ ነዋ። ታርጋው ላይ ያለው ቁጥር ከዚህ ፈተና የመጣ ነው።

አብረው ሲሠሩ ሎዱን የሚካፈሉት ኬቪኤውን ለዚህ ቁጥር በማካፈል ነው። 315 ለ 4፣ 78.75 ይወጣል። 630 ለ 6፣ 105 ይወጣል። ሦስት ለአራት ማለት ነው። 800ውን ለሰባት ከፍለህ ሦስቱን እጅ ለትንሹ፣ አራቱን ለትልቁ ስጥ። ትንሹ 343 ይደርሰዋል። ከአቅሙ ወደ 9 በመቶ አለፈ። ትልቁ 457 ይዞ ገና 73 በመቶ ላይ ነው። ትልቁ እያረፈ ትንሹ ይቃጠላል። ትንሹ ሳይጎዳ ሁለቱ አብረው የሚሸከሙት ወደ 735 ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ከባስባሩ የሚወጡት ብሬከሮች ላይ የተጻፈው ኪሎ አምፔር ስንት ነው? የምለው 250 አምፔር ወይም 400 አምፔር የሚለውን አይደለም። ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውን ነው።

---

ናቲ_ደብረብርሃን

ሪሌይ፣ አመሰግናለሁ። አሁን ሄጄ አየሁት። ሁሉም ላይ 16 ኪሎ አምፔር ይላል። ለምን ጠየቅሽኝ?

---

ሪሌይ_ዘጠኝ

የድሮው ለብቻው ሲሆን ባስባሩ ላይ ሾርት ቢፈጠር 455ን ለ 0.04 አካፍለህ 11.4 ኪሎ አምፔር ይሰጣል። 16 ይበቃዋል። አዲሱ ለብቻው 909 ለ 0.06፣ ወደ 15.2 ነው። ይህም ከ 16 በታች ነው፣ ግን ለጥቂት ነው። ሁለቱ አብረው ሲሆኑ 26.5 ይደርሳል። ያኔ ብሬከርህ ሾርቱን መቁረጥ አይችልም፣ ሊፈነዳ ይችላል።

የመስመሩን የራሱን ኢምፔዳንስና የኬብሉን ስላልቆጠርኩ እውነተኛው ቁጥር ትንሽ ዝቅ ይላል። ሾርት በሚፈጠርበት ቅጽበት ግን የሚዞሩት ትላልቅ ሞተሮች ራሳቸው ይጨምሩበታል። 26ን በምንም ሒሳብ ወደ 16 አታወርደውም።

---

አቡዳቢ_ነኝ

ሰላም ወገኖች። እኔ እዚህ የሕንፃ ጥገና ላይ ነኝ። የእኛዎቹ ዘይት የሌላቸው ናቸው፣ ምድር ቤት ውስጥ የተቀመጡ። ታርጋው ላይ ሁለት ኬቪኤ ተጽፏል፤ ኤኤን ብሎ 1000፣ ኤኤፍ ብሎ 1400። ፋን ሲነሳ አቅሙ ይጨምራል። ናቲ፣ ፋን ብትገጥምለት የድሮው ራሱ አይበቃም? ሁለተኛውን መትከል ምን ያስፈልጋል?

---

ናቲ_ደብረብርሃን

አለቃዬም ይህንኑ ብሎኛል። ትልልቅ ማራገቢያ ራዲያተሩ ላይ እናስርበት ይላል።

---

ባስባር

አቡዳቢ፣ ያንተ ታርጋ ሁለት ቁጥር የጻፈው ፋብሪካው በሁለቱም ሁኔታ ስለፈተሸው ነው። ፋኖቹ የቆሙ ዕለት ያንተ 1000 ብቻ ነው። ፋኖቹን በየጊዜው በእጅ አስነስተህ ሞክራቸው። አንዳንዱ ሕንፃ ውስጥ ለዓመታት ሳይነሱ ቆይተው በሚፈለጉበት ቀን አይሠሩም።

የናቲ ታርጋ ኦናን ብቻ ነው የሚለው። ጥቅሉ የሚቀዘቅዘው በዘይት ነው፣ ዘይቱ በራሱ ይዞራል፣ ውጪው በአየር ይቀዘቅዛል፣ አየሩም በራሱ ይነፍሳል። ሌላ ቁጥር የለውም። ማራገቢያ ብታስርበት የላይኛው ዘይት ይበርድልሃል፣ ቴርሞሜትሩም ደስ ይልሃል። ጥቅሉ ውስጥ ያለው ትኩስ ቦታ ግን በዚያው ልክ አይበርድም። ቡሺንጉና የታፕ መገናኛዎቹም ለ 455 አምፔር የተሠሩ ናቸው። ማራገቢያ በሞቃት ቀን ማስታገሻ ይሆናል እንጂ 315ን 400 አያደርገውም።

ናቲ፣ ያላስተዋልከው ሌላ መስመር አለ። የድሮው 3000 ሜትር ይላል፣ የመጣው 1000 ሜትር። ደብረ ብርሃን ከ 2800 ሜትር ብዙም አይርቅም። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል። ለኦናን ደንቡ ከ 1000 በላይ ለየ 400 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። 1800 ሜትር ማለት ታርጋው ለጥቅሉ ሙቀት ጭማሪ ከፈቀደው 65 ላይ አራት ተኩል ዲግሪ ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን ብርድ ስለሆነ ይህ ብዙ አያሳስበኝም። ደንቡ ቀን እስከ 40 ዲግሪ ድረስ አስቦ ነው የወጣው። እናንተ ጋ 40 መቼ ታየ?

የሚያሳስበኝ ቡሺንጉ ነው። ስስ አየር ቮልቴጅ የመቋቋም አቅሙም ያንሳል። ከ 1000 ሜትር በላይ ለየ 100 ሜትሩ የአየር ክፍተቱ አንድ በመቶ መጨመር አለበት። እናንተ ጋ 18 በመቶ ነው። የ 15 ሺሁን ወገን ቡሺንጎች በድሮውና በአዲሱ ላይ አስተያይ። አዲሱ ጎልቶ የሚያጥር ከሆነ ንገረኝ። ታርጋው ላይ ከ 15000 አጠገብ `LI` የሚል፣ የመብረቅ ግፊትን እስከ ስንት ኪሎ ቮልት እንደሚችል የሚናገር ቁጥር አለ? ስንት ይላል?

---

ናቲ_ደብረብርሃን

ጋሼ፣ እሺ አየዋለሁ። የታፑንስ ነገር? ወደ 1 ላዙረው?

---

ባስባር

አታዙረው። ወደ 1 ብታዞር ይወርዳል። ያ 15750 የሚለው «መስመሩ 15750 ከሆነ 400 እሰጥሃለሁ» ማለት ነው። መስመርህ 15 ሺህ ወይም ከዚያ በታች ሆኖ 1 ላይ ብታስቀምጠው 400ው ወገን ከ 400 በታች ይሆናል። አሁን በ 3 ላይ 380 የምታገኘው በ 1 ላይ 362 ይሆናል። ቮልቴጅ ለመጨመር ታርጋው ላይ ወደ ትንሹ ቁጥር ነው የሚኬደው። በ 4 ላይ 390፣ በ 5 ላይ ደግሞ 400 ታገኛለህ።

በቀጥታ 5 ላይ አትዝለል። መጀመሪያ ሌሊት ማሽን ሲቆም ስንት እንደሚሆን ለካው። ታርጋው ላይ ያለው 400 ባዶውን ሲሆን ነው። ሎድ ሲበዛ ትራንስፎርመሩ ራሱ ጥቂት በመቶ ይጥላል፣ መስመሩም ይጨምርበታል። ሌሊት 405 ከሆነ በ 4 ላይ 415 ይሆናል፣ ችግር የለውም። በ 5 ላይ 426 ይሆናል። ሞተር ይችለዋል፣ መብራቶቹና ኤሌክትሮኒክሱ ግን ያጉረመርማሉ።

የእናንተ ታፕ ሎድ ላይ የሚዞር አይደለም። 15 ሺሁ ይቆረጣል፣ 400ውም ይቆረጣል፣ መጥፋቱ ይፈተሻል፣ ኧርዝ ይደረጋል። የ 400ውን ወገን ያልኩት በጄነሬተር ምክንያት ነው። ጄነሬተራችሁ ወደ ኋላ ቢገባ 15 ሺህ ቮልት ቡሺንጉ ላይ ይወጣል። ለረጅም ጊዜ አንድ ቦታ የቆመ ታፕ ደግሞ መገናኛው ይቆሽሻል። ከመጨረሻ እስከ መጨረሻ ጥቂት ጊዜ ካዞርክ በኋላ ነው የምትፈልገው ቦታ ላይ የምታቆመው። ሲቆም ሦስቱንም ፌዝ የጥቅል ሬዚስታንስ ለካ። አንዱ ከሌሎቹ ከራቀ መገናኛው አልያዘም ማለት ነው።

---

ቮልት_መላሽ

ታዲያ 630ውን ምን ያድርጉት? ባለቤቱ ገንዘብ አውጥቶበታል። አትጠቀሙበት ማለት መፍትሔ አይደለም።

---

ሪሌይ_ዘጠኝ

ይጠቀሙበት እንጂ። ባስባሩን ለሁለት ይክፈሉት። ያለው 300 በድሮው ላይ ይቆያል፣ አዲሶቹ ማሽኖች 500 በ 630ው ላይ ይሆናሉ። ሎዱ እንዳለ ተሸክመው አንዳቸውም አይጨናነቁም። በአንድ ባስባር ሆነው መሸከም ያቃታቸው 800፣ ተለያይተው ሲሆኑ በቀላሉ ይያዛል። የሾርቱም ቁጥር በየራሱ 11.4 እና 15.2 ሆኖ ይቀራል። ለአዲሱ ወገን ግን 25 ኪሎ አምፔር ብሬከር ይግዙ፣ 15.2 ለ 16 በጣም ቀርቦብኛል።

ተለያይተው ከሠሩ 11 እና 5 መሆናቸው ችግር አይሆንም፣ አንድ ነገር እስካልተደረገ ድረስ። በሁለቱ ባስባር መካከል ማገናኛ ብሬከር እንዳታስገቡ። ካስገባችሁም ከሦስቱ ብሬከሮች በአንድ ጊዜ ሁለት ብቻ እንዲዘጉ በቁልፍ ይታሰር። አንድ ቀን አንዱ ትራንስፎርመር ሲበላሽ ከሌላው ለማብራት የሚቸኩል ሰው ይኖራል። በወረቀት ለጥፎ ማስጠንቀቅ አይበቃም።

---

ባስባር

እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው። ባለቤቱ የግድ አብረው ይሥሩ ካለ ታፑም እኩል መሆን አለበት። አንዱ 3 ላይ፣ ሌላው 4 ላይ ቢሆን የ 2.5 በመቶ ልዩነት አለ፣ ከ 230 ላይ 5.8 ቮልት ገደማ። ትንሽ ትመስላለች። ለዚያ 0.0356 አካፍላት፣ 160 አምፔር ይወጣል። ምንም ማሽን ሳይነሳ በሁለቱ መካከል የሚዞር 160 አምፔር። የድሮውን ከሲሶ በላይ ይበላዋል።

---

ቮልት_መላሽ

ይህንን አላውቅም ነበር። እኔ ግን አሁንም በሁለቱም ወገን አቀያይሮ ማገናኘት ይቻላል ባይ ነኝ። ብሬከሩ ከተቀየረና ሎዱ ከ 735 ካልበለጠ ማለቴ ነው። አንዱ ሲበላሽ ሌላው ወዲያው ይይዛል።

---

ሪሌይ_ዘጠኝ

ሎዳቸው 800 ነው እኮ። 630ው ቢበላሽ 315ቱ 800ን ወዲያው ይይዛል? ወዲያው ይወድቃል እንጂ።

---

ናቲ_ደብረብርሃን

ለአለቃዬ የሎዱን ክፍፍልና ያንን 13 ሺህ አምፔር ጽፌ አሳየሁት። ለሁለት መክፈሉን ተቀብሎታል። ማገናኛ ብሬከሩን ግን ይፈልገዋል፣ ስለዚህ የቁልፉን ነገር እያጠያየቅን ነው። ሌሊት ለካሁት፣ 403 ነው። እሁድ ማሽን ሲቆም ከጋሼ ምክር በመነሳት ከፈቃድ ጋር ወደ 4 እናዞረዋለን።

ጋሼ፣ ቡሺንጎቹን አስተያየኋቸው። የአዲሱ በጣት ሁለት ያህል ያጥራሉ። `LI` የሚለው አለ፣ ግን ቁጥሩ በዝገት ተበልቷል። 75 ይሁን 95 መለየት አልቻልኩም።

---

ባስባር

ዝገቱን በብረት ብሩሽ እንዳትነካው፣ የቀረውንም ያጠፋብሃል። በጨርቅና በትንሽ ዘይት ጥረገው፣ ከዚያ ባትሪ ከጎን አብርተህ ፎቶ አንሳ። የተመታ ፊደል በጥላው ይነበባል። አሁንም እምቢ ካለ የሴሪያል ቁጥሩንና የተሠራበትን ዓመት ላክልኝ። የሠራው ፋብሪካ የፈተና ወረቀቱን ይዞ ከሆነ ከዚያ ይታወቃል። 75 ከሆነ እኔ በዚያ ከፍታ ላይ አልተክለውም። 95 ከሆነ በደንብ እናወራበታለን።

---

የሰፈር_መብራት

ጋሼ፣ እንዳሉት አስለካን። ትራንስፎርመሩ ሥር 228፣ እኛ ቤት 187። ደብዳቤውን ዛሬ አስገብተናል።

---

ናቲ_ደብረብርሃን

ፎቶውን አንስቻለሁ። ሴሪያሉ ይነበባል፣ የ `LI` የመጀመሪያው አሃዝ ግን 7 ወይም 9 ነው። ሁለታችሁም እዩልኝ፣ ለየብቻ እልክላችኋለሁ።